ባለ 16 ገጽ

ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስጦታ መግዛት እንዴት ያለ ጣጣ መሰላችሁ። አሻንጉሊት ብትሰጡት እንደ ሕፃን መቆጠሩ ያሳፍረዋል፤ ሸሚዝ ብትሰጡት ገና ሳይለምደው ክንዱ ከእጅጌው ይወጣል፤ ገንዘብ ብትሰጡት እናቱ «እኔ ጋ ይቀመጥልህ» ትለዋለች፣ እናት ዘንድ የተቀመጠ የበዓል ገንዘብ ደግሞ የት እንደሚገባ ሁላችንም ልጅ ሆነን አይተነዋል። በዚህ ላይ ልጁ ዓይን አፋር ከሆነ ጠይቆ ማወቅም የለም። «ምን ልግዛልህ?» ሲሉት «ምንም» ይላል። «ከዚህና ከዚያ የቱ ይሻልሃል?» ሲሉት እግሩን እያየ «ሁለቱም ጥሩ ነው» ይላል። የእህቴ ልጅ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ማሙሽ ስለምንለው እዚህም ማሙሽ ብዬው ልቀጥል።

ማሙሽ መሳልና ታሪክ መፍጠር ይወዳል። ሁለቱን ለይቼ ተናገርኩ እንጂ እሱ ዘንድ አይለያዩም። እንቁጣጣሽ ሲደርስ የሰፈሩ ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ ስለው፣ ቀለም ቀብተው፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ጽፈውበት በየቤቱ ሲያዞሩ ታውቃላችሁ። ማሙሽም ይስላል፤ የሚያዞረው ግን ታናሽ ወንድሙ ነው። በሰው ደጅ ቆሞ፣ በሩ እስኪከፈት ጠብቆ፣ ያን ሁሉ ቃል አውጥቶ መናገር ማሙሽ የሚችለው ነገር አይደለም። ታናሹ ደግሞ ማዞሩን እንጂ መሳሉን አይፈልግም፤ ስለዚህ ተስማምተው ይኖራሉ። የአንዱን ዓመት ሥዕል እስካሁን እኔ አስቀምጬዋለሁ። የአደይ አበባ ሥዕል ነው፤ አበባው መካከል ግን አንዲት ጉንዳን ሻንጣ አንጠልጥላ ቆማለች። ወረቀቱን ሳገላብጠው ጉንዳኗ ክረምቱን የት እንዳሳለፈች፣ ከማን ጋር ተጣልታ እንደወጣች፣ ሻንጣው ውስጥም ምን እንደያዘች ደቃቅ በሆነ ጽሑፍ ተጽፎ አገኘሁ። ለማንም አልተናገረም። ሥዕሉ ከእኔ ሌላ ቤት ደርሶ ቢሆን ኖሮ የጉንዳኗን ነገር የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ለዚህ ልጅ ነው፣ በጳጉሜ፣ ዝናቡ ገና ልሂድ ወይስ ልቆይ እያለ ሲያመነታ፣ መርካቶ የወረድኩት። በጳጉሜ መርካቶ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የበዓሉ ገበያ አለ፣ የትምህርት ቤት መክፈቻው ገበያ አለ፤ ሁለቱ እዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ደብተር የተሸከመው ሰውዬ በግ ከሚጎትተው ጋር ይጋፋል፣ በጉ ደግሞ ሁላችንንም ይጋፋል። የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥበት መስመር ስደርስ አንዱ ወጣት ሻጭ ከእነዚያ ሁሉ ወላጆች መካከል እኔን ለይቶ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ምን ልስጥዎት?»

«ስጦታ ነበር። ሥዕል ለሚወድ ልጅ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። መሰላል ላይ ወጥቶ ከጣሪያው ሥር አንድ ሳጥን አወረደ። እጀታ አለው፣ ሲከፈት እንደ ደረጃ ሦስት እርከን እየሆነ ይዘረጋል። በአንደኛው እርከን ባለ ቀለም እርሳስ፣ በሁለተኛው ክሬዮንና ማርከር፣ በታችኛው ክብ ክብ የውኃ ቀለም ከነብሩሹ። ክዳኑ ላይ «150» ተብሎ ተጽፏል፤ 150 ዕቃ አለው ማለት ነው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፣ የእኔ ልብ እዚያው ፈረደ። ልጅ ሳለሁ ስድስት ቀለም ባለው ፓኮ ነው ያደግሁት፤ ያውም ከወንድሞቼ ጋር ተካፍዬ። ቢጫው ሁልጊዜ ጠፍቶ ይኖር ስለነበር በእኛ ቤት ሥዕል ላይ ፀሐይዋ ቀይ ናት። ያን ሦስት እርከን ሳየው ለማሙሽ የምገዛለት እሱን ብቻ መሆኑን ቆረጥኩ። ተከራከርን፣ ትንሽ ቀነሰልኝ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ።

ከሱቁ እንደወጣሁ ዝናቡ ወረደ። ሳጥኑ ሁለት መቆለፊያ አለው፤ አንደኛው ቀጥ ብሎ ይያዛል፣ ሁለተኛው ግን አውራ ጣትን አስጨንቆ ነው የሚገባው። ያን ለማስጨነቅ ጊዜ አልነበረኝም። ታክሲው እየሞላ ነበርና ሮጬ ገባሁ፣ የኋላው ወንበር ላይ ከአንድ ዶሮ ከያዘ ሰውዬና ከአንዲት ዘንቢል ካቀፉ እናት መካከል ተቀመጥኩ፣ ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አቆምኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሾፌሩ የመንገዱን ጉብታ እንዳላየ ሆኖ ዘለለው፣ ያ አንድ መቆለፊያ ተወረወረ፣ ሦስቱ እርከኖችም በየተራቸው ተዘረጉ።

አፈሳሰሱን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ቀስ ብሎ ነው የሆነው። መጀመሪያ የወረዱት ክሬዮኖቹ ናቸው። ክብ ስለሆኑ ታክሲው ቁልቁል ሲሄድ ወደ ፊት ይንከባለላሉ፣ አቀበት ሲወጣ ወደ እኔ ይመለሳሉ። ቀጥሎ እርሳሶቹ፣ እነሱ እንኳ ባለ ስድስት ማዕዘን ስለነበሩ ብዙም አልራቁም። የውኃ ቀለሞቹ ከነሰሌዳቸው የሰውዬው ጫማ ላይ አረፉ። ዶሮዋ አንገቷን ከሰውዬው ክንድ ሥር አውጥታ አንዱን ክሬዮን ነቆረችው፤ ቀይ መሆኑን አስታውሳለሁ። ከፊት ያለ ተሳፋሪ ሁሉ ጎንበስ አለ። ሰው እንዴት ደግ ነው! የማያውቁኝ ሰዎች ከእግራቸው ሥር እየለቀሙ፣ እጅ በእጅ እያቀበሉ፣ ወደ ኋላ ይልኩልኛል። «ይኸው ሰማያዊ»፣ «ሌላ ሰማያዊ»፣ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ነው፣ ወይን ጠጅ ነው?» ይላሉ። አንዲት ተማሪ ልጅ በቀለማቸው እየደረደረች ነበር የምታቀብለኝ። እናትየዋ ዘንቢላቸውን ሳይለቁ «አይ ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ፤ ምንም ክፋት አልነበረውም፣ እጄንም መታ መታ አደረጉኝ።

ነገሩ አለቀ ስንል ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። አንድ ክሬዮን ፍሬን መርገጫው ሥር ገብቷል። ረዳቱ በዝናቡ ወርዶ፣ የሾፌሩን በር ከፍቶ፣ ተንበርክኮ እጁን ከተተ። ከኋላችን ያሉት መኪናዎች ጥሩምባቸውን ነፉ። ታክሲ ሙሉ ሰው፣ በበዓል ሰሞን፣ በዚያ ዝናብ፣ አንዲት ክሬዮን እስክትወጣ ጠበቀ። ረዳቱ አረንጓዴዋን ቀለም ከፍ አድርጎ ሲያወጣት ሁሉም አጨበጨቡ፤ እኔ ግን ወዴት ልግባ? አንገቴ ኮቴ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው «አስተማሪ ነህ?» አሉኝ። «አይ፣ ለእህቴ ልጅ ነው» አልኩ። «ጎሽ፣ ይደግልህ!» አሉኝና ተሳፋሪው ሁሉ መረቀኝ። ማሙሽ በዚያ ታክሲ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ ይዘገንነኛል።

እህቴ ቤት ስደርስ ማሙሽ አልነበረም። ሳጥኑን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን ማደራጀት ጀመርን። ጫፋቸው የተሰበረባቸውን እርሳሶች በመቅረጫ ስቀርፅ ጫፉ ወደቀ፤ ደግሜ ስቀርፅ ደግሞ ወደቀ። አንዱ እርሳስ ግማሹ እስኪያልቅ ቀረፅኩት፣ ቀለሙ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ይወጣል። ባለ ቀለም እርሳስ ውስጡ ያለው ቀጭን የቀለም ዘንግ በሰምና በማጣበቂያ የተያያዘ ስለሆነ ሲወድቅ ከውጭ ምንም ሳይታይ እንጨቱ ውስጥ እንዳለ በየቦታው ይሰበራል። ከዚያ በኋላ መቅረጫው ስንጥቁ ጋ በደረሰ ቁጥር ጫፉ ተቆርጦ ይወድቃል። ሳይወድቅም የሚሰበር አለ፤ የእርሳሱን ጀርባ ብታዩ ቀለሙ እንጨቱ መሀል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ሲቀረፅ በአንድ በኩል እንጨቱ ቀለሙን ሸፍኖ ይቀራል፣ ልጁም ሲጫነው ይቆረጣል። ሱቅ ውስጥ ጀርባውን ገልብጦ ማየት ቀላል ነገር ነው።

እህቴ ይህን ሁሉ ስሠራ ዝም ብላ ታየኝ ነበርና «እዚህ ሁሉ ውስጥ ወረቀቱ የታለ?» አለችኝ። ፈለግን። በ150 ዕቃ ውስጥ አንድም ወረቀት የለም።

«ና ላሳይህ» አለችና ወደ ልጆቹ ክፍል ወሰደችኝ። አልጋው ሥር ካርቶን አለ። «ታሪኮቹን እንዳታነብ፣ ከነካህበት ያውቃል» ብላ አስጠነቀቀችኝ፤ እውነቷን ነው፣ የዓይን አፋር ልጅ ካርቶን ቤተ መቅደሱ ነው። ያየሁት ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤ እሱ ግን ሱቅ ውስጥ ካየሁት ሁሉ የበለጠ ነገረኝ። እርሳሶቹን የሚያስቀምጥበት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጥቁሩ ከጣቴ አንጓ የማይበልጥ ቁራጭ ሆኗል። ቡኒውም እንዲሁ። ሮዝ፣ ወይን ጠጅና ውኃ ሰማያዊ ግን እንደተገዙ ናቸው። አንድ ልጅ የሚፈልገውን ባይናገር የእርሳሶቹ ቁመት ይናገርለታል፤ ያጠረውን መተካት ነው እንጂ ያልተነካውን መደራረብ ምን ይጠቅመዋል?

ሌላም አየሁ። ሁለት ወፋፍራም ባለመስመር ደብተሮች ነበሩ፤ ሁለቱም መጀመሪያቸው ላይ ትንሽ ተሥሎባቸው ከዚያ ባዶ ናቸው። የደብተሩ መስመር በየፊቱ ላይ አልፏል፣ በአንዱ ገጽ የአንዲት ሴትዮ ዓይን በሁለት መስመር መካከል ተጨንቃለች። ከሥራቸው ደግሞ ያረጀ የፈተና ወረቀት ከኋላው በኩል እየታጠፈ፣ በስፌት ሽቦ እየተያያዘ የተሠራ ትንንሽ መጽሐፍ ተደርድሯል። እነዚያ ግን ያለቁ ናቸው፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ «ተፈጸመ» ተብሎ ተጽፎ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ወፍራሙ ደብተር አላለቀም፣ ቀጭኑ አለቀ። የገረመኝ ይህ ነው። ለልጅ ወፍራም ደብተር ሲሰጠው ደስ ይለዋል ብለን እናስባለን፤ ታሪክ ለሚሠራ ልጅ ግን ከፊቱ የቀሩት መቶ ባዶ ገጾች ዕዳ ናቸው። አንዱ ሥዕል ከተበላሸበት ደብተሩ በሙሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ጥቂት ገጽ ያለው መጽሐፍ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታያል፣ ቢበላሽም ሌላ ይታጠፋል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቸርችል ጎዳና ላይ ባህላዊ ዕቃ የሚሸጡት ሱቆች ውስጥ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የያዘውን ሥዕል ሳታዩት አትቀሩም። አንዱ ሸራ በትንንሽ ካሬ ተከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜ 44 ሆኖ፣ ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ምኒልክ ድረስ ታሪኩ በተራ ይሄዳል፤ በየሥዕሉም ሥር አጭር ጽሑፍ አለ። አንድ ቀን ማሙሽን ይዤው ሳልፍ እዚያ ሥዕል ፊት ተተክሎ አልነቃነቅ ብሎ ነበር። ከአጠገባችን የነበረው ሻጭ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይን፣ ክፉው ግን በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን እንደሚሣል አስረዳው። ማሙሽ ምንም አላለም። ቤት እስክንደርስ ድረስ ግን የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ፊት ሲያይ ነበር።

በማግስቱ ሳጥኑን ይዤ ወደ መርካቶ ተመለስኩ። ወጣቱ ሻጭ የተከፈተ ዕቃ እንደማይመልስ በትሕትና ነገረኝ፤ ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አልመልስም። «ወረቀት ከሆነ የፈለጉት ግን» አለና በጣቱ ከኋላው ያለውን ደረጃ አሳየኝ፣ «ላይ ቤት ጠራዡ ጋ ይሂዱ።»

ጠራዡ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። የመሥሪያ ቤት መዝገብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የተገነጠለ ዳዊት፣ ሁሉም እሳቸው ጋ ይመጣል። ነገሩን ስነግራቸው ስለ ቀለም አንድም ቃል ሳይናገሩ «በምን ይስላል?» አሉኝ።

«በእርሳስ። ብዙውን በጥቁር።»

«ተቀምጦ ነው ተኝቶ?»

«አልጋ ላይ ተደፍቶ ነው የሚውለው አባቴ።»

ከየክምሩ አንዳንድ ወረቀት መዘው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ወረቀት የሚለካው በግራም ነው፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነው ወረቀት ስንት ግራም እንደሚመዝን ማለት ነው። ፎቶ ኮፒ የሚደረግበት ተራው ወረቀት 80 ግራም ነው። ለጽሑፍ ይበቃል፣ ሥዕል ሲሣልበት ግን ጠቆር ያለው ሁሉ በጀርባው ይታያል፣ ማርከር ከሆነማ ያልፋል፤ ስለዚህ ልጁ የሚጠቀመው በአንዱ ፊት ብቻ ይሆናል፣ ታሪኩም በባዶ ገጽ እየተቆራረጠ ይሄዳል። የውኃ ቀለም የሚችለው ከ200 ግራም በላይ ያለው ነው፤ ከዚያ የሳሳ ወረቀት ውኃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ እስከ 300 ቢደርስ ይበልጥ ደህና ነው፣ ግን እሱን አጥፎ መጽሐፍ ማድረግ ከባድ ነው። «ለእርሳስና ለእስክሪብቶ 120 ግራም ያዝ» አሉኝ። «ላጲስ ይችላል፣ በጀርባው አይታይም፣ ሲታጠፍም እሺ ይላል።»

ከዚያ አንዱን ወረቀት ሳያጥፉ በቁመቱ ጎበጥ አድርገው በመዳፋቸው ጫን ጫን አሉት፣ ቀጥሎ በወርዱ እንዲሁ አደረጉ። «አንተም ሞክረው» አሉ። በአንደኛው በኩል ይገፋል፣ በሌላው በኩል ወዲያው ይተኛል። ወረቀት ሲሠራ ቃጫው ማሽኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ተሰልፎ ይቀራል፤ በቃጫው አቅጣጫ ቢያጥፉት ጥርት ብሎ ይታጠፋል፣ አቋርጦት ቢታጠፍ ግን እጥፉ ላይ ይሻክራል፣ መጽሐፉም ተከፍቶ አልተኛ ይላል። የምንገዛው ኤ4 ወረቀት ብዙ ጊዜ ቃጫው በቁመቱ ነው። እኛ ለሁለት ስናጥፈው እጥፉ የሚያርፈው በወርዱ፣ በ21 ሳንቲ ሜትሩ በኩል ነው፤ ስለዚህ ይቋረጣል። በቀጭኑ ወረቀት ብዙም አይታወቅም፣ 120 ላይ ግን ይታወቃል። ሽማግሌው ከትልቁ ወረቀት ላይ ቃጫው በወርዱ እንዲውል አድርገው ቆረጡልኝ።

«ስንት ስንት ገጽ ላድርገው?» አልኳቸው።

«የድሮ ጠራዦች ብራናውን አራት ወይ አምስት አንድ ላይ አጥፈው ነው አንዱን ጥራዝ የሚያደርጉት። አራቱ ሲታጠፍ 8 ቅጠል፣ 16 ገጽ ይሆናል። ለልጅ ይኼ ምን አነሰው?» 16 ገጽ ማለት የፊቱና የኋላው ለብቻ ሲቀር በመካከሉ ሰባት ጊዜ የሚገለጥ መጽሐፍ ነው። በተገለጠ ቁጥር ሁለቱ ገጾች አንድ ላይ ስለሚታዩ ልጁ ጫካውን ከግራ እስከ ቀኝ መሳል ይችላል። ሰባት ግልጥ ለአንድ ታሪክ ይበቃል፤ አንድ ሰው ይወጣል፣ አንድ ነገር ያገኘዋል፣ ይቸገራል፣ ይመለሳል።

የተቆረጠውን ወረቀት፣ ለሽፋን የሚሆን ጠንከር ያለ ካርድ፣ አልጋ ላይ ሲስል ከሥሩ የሚያደርገው ሰሌዳ የሚያክል ካርቶን ሰጡኝ። ከታች ደግሞ እርሳስ በፍሬ ገዛሁ፤ ለጽሑፉ ኤችቢ፣ ለጥላውና ለፀጉሩ ለስለስና ጠቆር የሚለውን 2ቢ፣ ቡኒ ደግሞ በብዛት፣ ብረት መቅረጫና ላጲስ። የእያንዳንዱን እርሳስ ጀርባ ገልብጬ አየሁ፤ ወጣቱ ሻጭም አብሮኝ ያይ ጀመር።

መስፋቱ እናቴ ቤት ሆነ፣ ወስፌው እሷ ዘንድ ስለነበረ። ሰፌድ የምትሰፋበት ወስፌ ለመጽሐፍ እንደሚሆን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። አራቱን ወረቀት አንድ ላይ አጥፌ፣ እጥፉን በማንኪያ ጀርባ አሽቼ፣ ሽፋኑን ደረብኩበት። ከዚያ እጥፉ ላይ ሦስት ቀዳዳ በሳሁ፤ አንዱ መሀል ላይ፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ ሦስት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው። ክሩ የመጽሐፉን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ይሁን። እናቴ ክሩን በጧፍ ሰም አሸችው፣ እንዳይተበተብና እንዳይሸረሸር። መርፌው ከውስጥ በመሀሉ ቀዳዳ ይወጣል፤ በውጭ በኩል ሄዶ በላይኛው ይገባል፤ በውስጥ በኩል መሀሉን ዘሎ እስከ ታችኛው ይወርድና ይወጣል፤ ከዚያ በውጭ ተመልሶ በመሀሉ ይገባል። አሁን ሁለቱ የክር ጫፎች ውስጥ ተገናኝተዋል። ከላይ እስከ ታች የተዘረጋውን ረጅሙን ክር መሀል ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ ከግራው አንዱን ከቀኙ አውጥቶ መቋጠር ነው። ጫፎቹ በአንድ ወገን ከሆኑ ክሩ ይላላል፣ ገጾቹም ይንሸራተታሉ፤ የመጀመሪያው እንደዚያ ሆኖ እናቴ አስፈታችኝ። ሲጎትቱትም ወደ እጥፉ አቅጣጫ ጎን ለጎን ነው እንጂ ወደ ላይ ከሆነ ወረቀቱ ይቀደዳል። ስናመሽ እሷ ከእኔ ትፈጥን ነበር።

ስጦታ አሰጣጡ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። የእንቁጣጣሽ ዕለት ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ጥቅል ሰጥቶ «ክፈተውና እንየው» ማለት፣ ቀጥሎም «እስቲ አክስትህን ሳላት» ማለት፣ ዓይን አፋርን ልጅ ከሚወደው ነገር ጋር ማጣላት ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን መጽሐፎች ከነእርሳሳቸው በጋዜጣ ጠቅልዬ ትራሱ ላይ አስቀመጥኩለት። ውስጣቸው ላይ ስሜንም ምርቃቴንም አልጻፍኩም፤ የመጀመሪያው ገጽ የባለቤቱ ነው። ትልቁ ሳጥን ለታናሹ ሆነ። እሱ በደስታ አበደ፤ መቆለፊያውን እየከፈተና እየዘጋ ሰፈሩን በሙሉ ሲያስጎበኝ ዋለ። ማሙሽ በዚያ ቀን ምንም አላለኝም፣ እኔም ምንም አልጠየቅሁትም። ሲሰናበተኝ ግን ጉንጬን ከለመደው አንድ ጨምሮ ሳመኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ እህቴ ቤት ቡና ስንጠጣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። አንዷን መጽሐፍ ጉልበቴ ላይ አኑሮ ሌላ ሌላውን ማየት ጀመረ፤ አንብብ ማለቱ ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ጅብ ነው። ጅቡ ከተማ ገብቶ ይራባል፣ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፣ እሱም ማታ ማታ በየደጁ እየዞረ ያለቅሳል። ቡኒው እርሳስ የት እንዳለቀ አየሁ። ጅቡ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በጎኑ የተሣለ ነው፣ ባለ አንድ ዓይን። አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ደጇ ላይ ሲያለቅስ ሰምታ ውሻ መስሏት እንጀራ ትሰጠዋለች። በሚቀጥለው ግልጥ ላይ ጅቡ ሁለቱን ገጽ ሞልቶ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል፣ በሁለት ዓይን። ሥሩ ምንም አልተጻፈም። የቸርችል ጎዳናውን ሻጭ ቃል ያን ሁሉ ጊዜ ይዞት ኖሯል ለካ!

«ማሙሽዬ፣ ይሄ እኮ…» ብዬ ልቀጥል ስል እግሩን ማየት ጀመረ፤ እኔም ዝም ብዬ ቡናዬን ፉት አልኩ። ያኔ እሱ ራሱ ተናገረ።

«አጎቴ፣ 16 አይበቃም።»

«ስንት ይበቃል?»

«በሚቀጥለው ጅቡ ባቡር ይሳፈራል። 24።»

24 ማለት ስድስት ወረቀት ነው አልኩት፤ እንዲያ ሲወፍር የመሀለኞቹ ወረቀቶች ከውጭዎቹ አልፈው ስለሚወጡ ዳሩን በምላጭ ማስተካከል አለብን። እሱ ትንሽ አሰበና ጅቡ ከባቡር ወርዶ ሌላ ባቡር ስለሚቀይር 32 ቢሆን ይሻላል አለ። 32 ደግሞ ባለ 16ቱን ሁለት ጥራዝ እርስ በርስ አያይዞ መስፋት ነው፤ እሱን እኔም እናቴም አንችልም፣ ጠራዡ ናቸው የሚያውቁት። ቅዳሜ አብረን እንሂድና አሠራሩን ያሳዩን አልኩት። ተስማማ፤ ሽማግሌውን የማናግራቸው ግን እኔ ነኝ።